ትኩሳቱ ሲለቅ፦ ሐኪምና ኢንጂነር ጉራ ሳይነዙ በሊንክዲን የሚጽፉበት አሠራር

ይህ መመሪያ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ ተረኝነትና የሳይት ሥራ እያጣደፈው ከሥራው የተማረውን ለባልደረቦቹ ማካፈል ለሚፈልግ ሰው ነው። የሚያሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሳምንቱ ሥራ አንድ ትምህርት አውጥቶ ከ120 እስከ 180 ቃል ባለው አጭር ጽሑፍ ማውጣት። በድምሩ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ 5ቱ ደቂቃ ሥራ ቦታ፣ 30ው ቤት፣ 10ሩ ደግሞ በማግስቱ።

አብዛኛው ሰው ጉራ የሚመስለው ራስን የሚያሞግስ ቃል ነው። ስለዚህ «ጎበዝ»፣ «ስኬታማ» የሚሉትን ሰርዞ ጽሑፉ ትሑት የሆነ ይመስለዋል። ጉራ ግን የሚገኘው በቅጽሉ ሳይሆን በዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስለ በሽታው ወይም ስለ ሞተሩ ከሆነ አንባቢው ትምህርት ይዞ ይሄዳል፤ ስለ ጸሐፊው ከሆነ ይዞት የሚሄደው ስለ ጸሐፊው ያለውን አስተያየት ብቻ ነው። «እኔ ማን ነኝና፣ ግን ትንሽ እውቀቴን ላካፍላችሁ» የሚለው አጀማመርም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ትሕትና ቢመስልም የመጀመሪያው መስመር ያለቀው ስለ ጸሐፊው በማውራት ነው።

መጀመሪያ፦ ርዕሱን ከጥያቄ ማግኘት

ርዕስ ፍለጋ አይቀመጡ። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቁዎት ወይም አንድን ስሕተት ሁለት ጊዜ ካረሙ ርዕሱ እሱ ነው። አንድ ሰው ብቻ የጠየቀው የዚያ ሰው ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሲጠይቅ ግን ክፍተቱ የብዙዎች መሆኑ ይታያል።

ከሥራ ሲወጡ ስልክዎ ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ምን ታየ፣ መጀመሪያ ምን ተገመተ፣ በመጨረሻ ውሳኔውን የለወጠው ምንድን ነው። ሦስተኛው መስመር ከሌለ ለማካፈል የሚበቃ ነገር ገና የለም፤ ይተዉት። የሕመምተኛ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የድርጅት ስም ከመጀመሪያውም ወደ ስልኩ አይግባ። የካርዱን ፎቶ «በኋላ አጠፋዋለሁ» ብሎ ማንሳት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ ብዙ ስልክ ፎቶውን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ስለሚልክ ከስልኩ ቢጠፋም ሌላ ቦታ ይቀራል።

ከዚህ በታች የምንከተለው ምሳሌ ትንኝ የምታስተላልፈው የዴንጊ ትኩሳት ነው፤ ለትምህርት የተዘጋጀ እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ማስታወሻው እንዲህ ይላል እንበል፦

«ትኩሳት በወረደ ማግስት ተባብሶ መምጣት። ተሽሎታል ተብሎ ነበር። ሆድ ሕመምና ማስመለስ ሲጠየቅ ነገሩ ተለወጠ።»

ሁለተኛ፦ ማንነትን ማጥፋት

ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስም ካልተጠቀሰ ምስጢር የተጠበቀ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ላይ «የ34 ዓመት ነጋዴ» ቢባል ሰውየው ላይለይ ይችላል። ጀጎል ውስጥ ግን ሰው በአንድ ግንብና በአምስት በር ተከቦ ተዋውቆ ነው የሚኖረው፤ ድሬም ከዚራ ወይም መጋላ ተብሎ ዕድሜና ሙያ ከተጨመረ፣ ባለፈው ሳምንት ማን እንደታመመ ሠፈሩ ያውቃል። ሰውን የሚያጋልጠው አንዱ መረጃ ሳይሆን የመረጃዎቹ መደራረብ ነው፦ ሠፈር፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ ቀን። ከአራቱ ሁለቱ ከተገናኙ አደጋ አለው።

ስለዚህ ሠፈርና ሙያ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ዕድሜ ለሕክምናው ትርጉም ከሌለው ይውጣ፤ ካለው ግን «ሕፃን»፣ «ጎልማሳ»፣ «ነፍሰ ጡር» ይበቃል። «ዛሬ» እና «ትናንት ማታ» አይጻፉ፤ ጽሑፉን ጥቂት ሳምንታት ያዘግዩት። ትምህርቱ አይበላሽም፤ ሠፈሩ ግን ቀኑን ማገናኘት ያቅተዋል። ከሁሉ የሚሻለው ስለ አንድ ሕመምተኛ ሳይሆን ደጋግሞ ስለሚታየው ነገር መጻፍ ነው። «አንዲት ሴት መጥታ ነበር» ከማለት «ትኩሳቱ ወርዶለት ቤቱ የገባ ሕመምተኛ» ማለት። አንድን ሕመምተኛ ለይቶ መጻፍ የግድ ከሆነ የሕመምተኛው የጽሑፍ ስምምነትና የተቋሙ ፈቃድ መቅደም አለበት። ታሞ ተኝቶ ያለ ሰው ሐኪሙን «አይሆንም» ለማለት ስለሚከብደው፣ ስምምነቱ ከዳነ በኋላ ቢጠየቅ ይመረጣል።

ፎቶ ከተጨመረ ሌላ ሥራ አለ። ኤክስሬይ ጥግ ላይ ስም አለ፤ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ቁጥር አለ፤ ከጀርባ ደግሞ አልጋ ላይ የተኛ ሌላ ሰው አለ። ኢንጂነሩም ከዚህ አያመልጥም። የሞተሩ ስም ሰሌዳ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር፣ የንድፉ ጥግ ላይ ያለው የአሠሪው ስም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ዓርማ «የማን ፋብሪካ ነው የተበላሸው?» የሚለውን ይመልሳሉ። ፎቶውን ቆርጠው ከማውጣትዎ በፊት ስልኩ ላይ አስፍተው አራቱንም ጥግ ይዩ። የሸፈኑት ነገር በደብዛዛ ቀለም ሳይሆን በድፍን ጥቁር ይሸፈን፤ ደብዛዛው ማጥቆሪያ ብርሃን ሲጨመርበት ከሥሩ ያለውን የሚያሳይበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፦ መጻፍ

ሰው በስልኩ ሲያልፍ ከጽሑፉ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ነው። ቀሪው `…more` ከሚለው ሥር ተሸሽጎ ይቆያል። ስለዚህ ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ። ሊንክዲን ለአንድ ጽሑፍ እስከ 3,000 ፊደል ቢፈቅድም ያን ያህል አያስፈልግም።

ሳይታሰብበት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

> በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ወገኖቼን በማገልገሌ ታላቅ ክብር ይሰማኛል። ሰሞኑን እጅግ ውስብስብ የሆነ የዴንጊ ሕመምተኛ ገጥሞኝ በተሳካ ሁኔታ ማከም ችያለሁ። ሌሎች ወባ ብለው የላኩትን በፍጥነት ለይቻለሁ። ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ አመሰግናለሁ።

እዚህ ውስጥ ውሸት ላይኖር ይችላል። ግን ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ይህን አንብቦ ነገ ምን ያደርጋል? ምንም። «ሌሎች ወባ ብለው የላኩትን» የሚለው ደግሞ አንባቢውን ራሱን ይሰድባል፤ ምክንያቱም ሕመምተኛውን የላከው እሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሪፈር ወረቀት ሲጽፍ ነገ ሊንክዲን ላይ እንዳይወጣበት እየፈራ ይጽፋል። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ትልቁ ጉዳት ይኸ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ሰጥቶናል፤ «እኔ» ሳይባል እንኳ በግሡ ጫፍ ላይ ይታያል። ረቂቁን ይዘው በ«ሁ» እና በ«ኩ» የሚያልቁትን ግሦች (ችያለሁ፣ ለየሁ፣ ሠራሁ፣ አዳንኩ)፣ «ይሰማኛል» የመሰሉትን፣ እንዲሁም «ጎኔ»፣ «ማገልገሌ»፣ «ልምዴ» የሚሉትን ያስምሩባቸው። ከላይ ባሉት አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ስምንት አሉ። በ150 ቃል ጽሑፍ ውስጥ ከሦስት ካለፉ ጽሑፉ ስለ እርስዎ ነው ማለት ነው።

ይህን ለማረም ሰው የሚሮጥበት አንድ የተሳሳተ መንገድ አለ። ሁሉንም ወደ «ተደረገ»፣ «ተለየ»፣ «ተሰጠ» ይለውጠዋል። ያኔ ጽሑፉ ቃለ ጉባኤ ይሆናል፤ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም፤ አንባቢውም ይተወዋል። ትክክለኛው መንገድ ባለቤቱን መለወጥ ነው። «በፍጥነት ለየሁ» የሚለው «በፍጥነት ተለየ» ሳይሆን «ሕመሙ ራሱን የሚገልጠው በዚህ ነው» ይሁን። ሥራውን በሽታው፣ ሕመምተኛው፣ ሞተሩ፣ ውሃው ይሥራው።

በዚህ መንገድ ተጽፎ የወጣው ይህ ነው፦

> የዴንጊ ሕመምተኛ ይበልጥ የሚያሰጋው ትኩሳቱ ሲለቀው ነው።
>
> ትኩሳቱ ሲወርድ ሕመምተኛውም ቤተሰቡም «ተሻለው» ይላሉ። ግን ብዙ ጊዜ ከሕመሙ 3ኛ እስከ 7ኛ ቀን ባለው ውስጥ፣ ትኩሳቱ በሚወርድበት ሰዓት፣ ከደም ሥር ፈሳሽ ሊወጣና የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ይህ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል።
>
> ስለዚህ ትኩሳቱ የወረደለትን ሰው ከማሰናበታችሁ በፊት ጠይቁት፦ ሆድህን በጣም ያምሃል? ማስመለሱ አልቆመም? ከድድህ ወይም ከአፍንጫህ ደም አለ? ትፈዛለህ ወይስ ትቅበጠበጣለህ? አንዱ ካለ ወደ ቤት አይሄድም።
>
> ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማትን አደጋ ስለሚጨምሩ አይሰጡ። እኔም ትኩሳት ሲበረታ የዳይክሎፌናክ መርፌ በልማድ አዝዤ አውቃለሁ፤ ዴንጊ ባለበት ከተማ ግን ይህ ልማድ መቅረት አለበት።
>
> የወባ ምርመራ አሉታዊ ሆነ ማለት ዴንጊ ነው ማለት አይደለም፤ ወባ ተገኘ ማለትም ዴንጊ የለም ማለት አይደለም።
>
> እናንተ ጋ ትኩሳቱ የወረደለት ሰው ለምርመራ ተመልሶ የሚመጣው በስንት ቀኑ ነው?

እዚህ ውስጥ «እኔ» የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የገባውም ስሕተትን ለመናገር ነው። የ«እኔ» ጥሩ ቦታ ይኸ ነው። አንባቢው መርፌውን ሲያዝ የኖረ ከሆነ ተከሳሽ ሳይሆን ባልደረባ ሆኖ ያነባል። ግን ያ ዓረፍተ ነገር እውነት ካልሆነ አይጻፍ፤ ለማሳመሪያ የተፈጠረ ስሕተት ከጉራ አይሻልም።

ሊገባ ሲል የተተወም ነገር አለ። የዴንጊዋ ትንኝም፣ በቅርብ ዓመታት ድሬዳዋ የገባችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝም በሮቶና በበርሜል ውሃ ውስጥ መራባታቸው ትልቅ ነገር ነው። ግን ለጤና ጣቢያው ነርስ ስለ ማሰናበት፣ ለቤተሰቡ ስለ በርሜል ክዳን በአንድ ጽሑፍ ቢነገር ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለ በርሜሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይጻፍ።

የኢንጂነሩም እንዲሁ ነው

የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር እንውሰድ። «ለረጅም ጊዜ ያስቸገረውን ችግር ባለኝ ልምድ ፈታሁት» የሚለው ለማንም አይጠቅምም። ይህ ይጠቅማል፦

> ሞተር በተደጋጋሚ ከተቃጠለ አዲስ ከመግዛት በፊት ሦስቱን ፌዝ እርስ በርስ ለኩ።
>
> ሞተሩ እየሠራ 370፣ 380 እና 390 ቮልት ተነበበ እንበል። አማካዩ 380 ነው። ከአማካዩ በጣም የራቀው በ10 ቮልት ይርቃል። 10ን ለ380 ብናካፍል 2.6 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የሞተሩ ሙቀት ጭማሪ በግምት የዚህ ቁጥር ካሬ ሁለት እጥፍ በመቶ ያህል ይበልጣል፦ 2 × 2.6 × 2.6፣ ወደ 14 በመቶ።
>
> አብዛኛው ሞተር የሚሠራው የአካባቢው አየር እስከ 40 ዲግሪ እንደሚደርስ ታስቦ ነው። በድሬ ቀትር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የፓምፕ ቤት፣ ያ 40 ቀድሞ ስለሚያልቅ ለተጨማሪው 14 በመቶ ቦታ የለም።

ቁጥሩ ራሱ ስለሚናገር ጸሐፊው ችሎታውን መናገር አያስፈልገውም። አንባቢው ማስያ አውጥቶ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ስሕተት ቢኖርም ሊያርመው ይችላል። ባለሙያ በባለሙያ የሚከበረው በዚህ ነው። መረጃው የመጣው ከአሠሪ ድርጅት ከሆነ ግን ቁጥሮቹ እንዳሉ አይወጡም፤ ወይ ፈቃድ ይጠየቅ ወይ እንደዚህ ለምሳሌ የሚሆን ቁጥር ይቀመጥና ምሳሌ መሆኑ ይነገር።

አራተኛ፦ በማግስቱ ያሉት 10 ደቂቃዎች

ማታ የተጻፈ ማታውኑ አይውጣ። ከተረኝነት በኋላ የሚጻፍ ነገር ውስጥ ድካምና ቁጣ ይገባል፤ ሲያድር ይታያል። በማግስቱ ሦስት ነገር ይደረጋል።

ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ቢቻል ከሙያው ውጭ ላለ ጓደኛ። የድሬ ልጅ ወግ ሲበዛበት «አቦ፣ ወደ ነገሩ ግባ!» ይላል። ያንን የሚያስብለው ቦታ የት እንደሆነ ምልክት ያድርጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አንቀጽ ነውና ይቆረጥ።

ከዚያ እያንዳንዱ ቁጥር ይፈተሽ። በተለይ ዓመተ ምሕረት። ዴንጊ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተረጋገጠው ድሬዳዋ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። «በ2013» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ የአገር ቤት አንባቢ በኛ አቆጣጠር ወስዶት ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «8 ሰዓት ላይ ተመርምሮ» የሚለውን አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ አድርጎ ያነበዋል። መድኃኒት መጠን ደግሞ ማንም አላፊ ሊያነብበት በሚችል ቦታ ባይጻፍ ይሻላል፤ ምን እንደሚሰጥና እንደማይሰጥ ተናግሮ መጠኑን ለሕክምና መመሪያው መተው በቂ ነው።

ሦስተኛው ምስጋና ነው። «ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ» የሚለው ማንንም አያመሰግንም። የሆድ ሕመሙን መጀመሪያ የጠየቀችው ሲስተር ከሆነች «ጥያቄውን ያነሣችው የማታ ተረኛዋ ነርስ ነች» ይባል። መለኪያውን ይዞ የወጣው ኤሌክትሪሺያኑ ከሆነ እሱ ይጠቀስ። ስም ለመጥራት አስቀድሞ እሺ ማሰኘት ያስፈልጋል፤ ሁሉም ሰው ስሙ እንዲወጣ አይፈልግም። የተቋም አለቃን ያለ ምክንያት መጥቀስ ግን አንባቢ ወዲያው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ምስጋና ሳይሆን ደጅ ጥናት ይመስላል።

የሥልጠና ምስክር ወረቀትም እዚህ ላይ ይነሣ። ወረቀቱ ቦታ አለው፤ ገጽዎ ላይ `Licenses & certifications` በሚለው ሥር ይግባ። ጽሑፍ ማድረግ ከፈለጉ ወረቀቱን ይዞ የተነሡትን ፎቶ ትተው ሥልጠናው ያስለወጠዎትን አንድ አሠራር ይጻፉ። የተለወጠ ነገር ከሌለ ጽሑፍ የለም።

ከወጣ በኋላ

ጽሑፉን ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ያውጡት፤ ካልተመቸ ሊንክዲን ላይ የሰዓት ምልክቷን ነክተው ቀንና ሰዓት መመደብ ይቻላል። ዋናው ነገር ከወጣ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ለሚመጣው አስተያየት ከ45ቱ ሌላ 10 ደቂቃ መኖሩ ነው።

«ዶክተር፣ ጀግና ነህ!» ለሚለው ሁሉ ረጅም ምስጋና አይጻፉ፤ ምልክት ነክቶ ማለፍ በቂ ነው። አለዚያ ከጽሑፉ ሥር የተሰበሰበው ወሬ ሁሉ ስለ እርስዎ ይሆንና ከጽሑፉ ያስወጡት ጉራ በአስተያየቱ ተመልሶ ይገባል። «እናቴ ሦስት ቀን ትኩሳት አላት፣ ምን ልስጣት?» ብሎ ለሚጠይቅ ደግሞ በአደባባይ ሕክምና አይሰጥም። «እኔ ሳላያቸው መናገር አልችልም፤ ዛሬውኑ በቅርብ ያለ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው፤ ማስመለስ ወይም ደም ካለ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ» ይበቃል። ይህ መልስ ግን ቶሎ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም።

አንድ ባልደረባ ስሕተት ካገኘ ጽሑፉን ማጥፋት አያስፈልግም። `Edit post` በሚለው ገብተው ያርሙና ከላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ተስተካክሏል፦ የፌዝ ልኬቱ ሞተሩ እየሠራ መወሰድ አለበት፤ በአስተያየት ላስታወሱን ባልደረባ ምስጋና።» ዝም ብለው ካረሙት ቀድሞ ያነበቡት ሰዎች የተሳሳተውን ይዘው ይቀራሉ፤ አራሚውም ያልሆነ ነገር የተናገረ ይመስላል።

ከአስተያየቶቹ መካከል አንዱን ጥያቄ ሁለት ሰዎች ጠይቀውት ከሆነ ወደ ስልክዎ ማስታወሻ ይውሰዱት። የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ እሱ ነው።